ከ71 ሰከንድ ወደ 31፦ ወደ ውጭ ዲስክ የተዛወሩ ጌሞች ለምን ዘገዩ?

የእህቴ ልጅ በፕሌይስቴሽን 5ቱ ላይ ስለሰካው ሃርድ ዲስክ ሦስት ክስ ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ጌሞቹን ከኮንሶሉ ወደ ዲስኩ ለማዛወር አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅቶበታል። ሁለተኛ፣ ካዛወራቸው ስድስት ጌሞች ሦስቱ ጭራሽ አይከፈቱም። ሦስተኛ፣ የሚከፈቱትም ሎድ እስኪያደርጉ ድረስ አንድ እንቅልፍ ያስወስዳሉ። «ጋሼ፣ ዲስኩ ሊሞት ነው መሰለኝ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

ሦስቱንም የአንድ ጥፋተኛ ሥራ አድርጎ ነበር የቆጠራቸው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ሁለት ቀን ለክተን ስንጨርስ ግን እያንዳንዱ ክስ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ ዲስኩም ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን ልንገራችሁ። ኮንሶሉ የመጀመሪያው የፕሌይስቴሽን 5 ሞዴል ነው። በውስጡ 825 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው፤ ለጌም የሚተርፈው ግን 667 ጊጋባይት ገደማ ነው። ልጁ ሲሞላበት 31 ጊጋባይት ብቻ ቀርታው ነበር። ዲስኩ ከዩኤስቢ ገመዱ ሌላ የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው፣ በኪስ የሚያዝ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ነው። ያዛወራቸው ጌሞች ሦስቱ የፕሌይስቴሽን 4 ናቸው፦ የእግር ኳሱ 41 ጊጋባይት፣ ሰፊ ዓለም ያለው የጀብዱ ጌም 58፣ የመኪና እሽቅድምድሙ 37። ሦስቱ ደግሞ የፕሌይስቴሽን 5 ናቸው፤ 92፣ 64 እና 48 ጊጋባይት። ድምሩ 340 ይሆናል።

ስለ ፎርማቱ

ልጁ ዲስኩን ኮንሶሉ ላይ ከመሰካቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት አድርጎት ነበር። ድካሙ ከንቱ ነው። ኤክስፋት ወይም ፋት 32 የሚያስፈልገው ቪዲዮና ፎቶ ለማየት ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ ሲሆን ነው። ጌም ሊጫንበት ከሆነ ኮንሶሉ ራሱ ዲስኩን ከነበረው ነገር ሁሉ አጥቦ በራሱ ፎርማት ይሠራዋል። ይህ የሚደረገው `Settings > Storage > USB Extended Storage` ውስጥ ገብቶ `Format as USB Extended Storage` በመምረጥ ነው። ዲስኩ ከ250 ጊጋባይት እስከ 8 ቴራባይት መሆን፣ ዩኤስቢውም 5 ጊጋቢት በሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በሀብ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ኮንሶሉ ላይ ይሰካል።

ይህ ፎርማት የሚያመጣው አንድ አደጋ አለ፤ እኛም ልንወድቅበት ትንሽ ቀርቶን ነበር። ዲስኩን ለመመርመር ዊንዶውስ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው በውስጡ ያለውን ማንበብ አልቻለም። ወዲያው `You need to format the disk` የሚለውን ሳጥን አወጣ። ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ፎርማት ያየው እንደ ባዶ ወይም እንደ ተበላሸ ዲስክ ነው። ያንን ሳጥን እሺ ብዬ ብሆን 340 ጊጋባይቱ በአንድ ጠቅታ ይጠፋ ነበር። ልጁ ከጀርባዬ ቆሞ «ይኸው! ተበላሽቷል ብዬ አልነበር?» ሲለኝ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ሳጥኑን ዘግቼ ነቀልኩት። ኮንሶል የሠራው ዲስክ ኮምፒውተር ላይ «ተበላሽቷል» መባሉ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ የብልሽት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ከዚያ በኋላ ምርመራውን ሁሉ ያደረግነው ኮንሶሉ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ልጁን ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀው ጌሞቹ ሳይሆኑ እስከ 80ኛው ሰዓት ድረስ የተጫወተው የጀብዱ ጌም ሴቭ ነበር። ሴቭ ወደ ውጭ ዲስክ አይሄድም። ጌሙ የትም ይሁን የት ሴቩ ኮንሶሉ ውስጥ ይቀራል። ዲስኩ ቢሞት እንኳ የሚጠፋው እንደገና ሊወርድ የሚችለው ጌም ነው።

የማይከፈቱት ሦስቱ

ሁለተኛው ክስ ቶሎ ተፈታ። የማይከፈቱት ሦስቱ የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞች ነበሩ። ከሚያዝያ 2021 ዝማኔ ጀምሮ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያው ሆኖ መጫወት ግን አይቻልም። ለመጫወት ወደ ኮንሶሉ መመለስ አለበት። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ግን ከውጭ ዲስኩ በቀጥታ ይሠራሉ።

«ታዲያ ለምን አዛውር አለኝ?» አለ ልጁ፣ ቅር ብሎት። ልክ ነው፣ ኮንሶሉ ሲያዛውር አይከለክልም። ምክንያቱ ግን የዘፈቀደ አይደለም። ለዚህ ኮንሶል የተሠሩ ጌሞች የውስጡ ኤስኤስዲ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት እንደሚያቀብላቸው ቆጥረው የተሠሩ ናቸው። ተጫዋቹ ፊቱን ሲያዞር ከፊቱ የሚመጣውን ሥዕል በዚያው ቅጽበት ከዲስክ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። በኮንሶሉ ላይ ያለው ፈጣኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ 10 ጊጋቢት በሰከንድ ነው፤ በባይት ሲቆጠር በወረቀት ላይ እንኳ ከ1.25 ጊጋባይት አይበልጥም። ከሚያስፈልገው ሩብ አይሞላም ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚሰካው ዲስክ የቱንም ያህል ውድና ፈጣን ቢሆን እነዚህን ጌሞች አያስከፍትም። ሌላ ቦታ ከተፈለገ ያለው አንድ ነው፦ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ክፍት የሆነው፣ ከኮንሶሉ ክዳን ሥር ያለው የኤም ዶት 2 ኤስኤስዲ ማስገቢያ።

ለማስቀመጫነት ብቻም ቢሆን ግን ዲስኩ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። 92 ጊጋባይቱን ጌም ከሃርድ ዲስኩ ወደ ኮንሶሉ መመለስ 14 ደቂቃ ፈጀብን። በ20 ሜጋቢት መስመር እንደገና ማውረድ ቢያስፈልግ ኖሮ ከ10 ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር።

አንድ ምሽት የፈጀው ዝውውር

ኮንሶሉ ሲያዛውር የቀረውን ደቂቃ እንጂ ፍጥነቱን አይነግርህም። ፍጥነቱን ለማወቅ የጌሙን መጠን በወሰደው ጊዜ ማካፈል ነው። ልጁ በመጀመሪያው ምሽት ሰዓት ስላልያዘ፣ የእግር ኳሱን፣ የጀብዱውንና 92 ጊጋባይቱን ጌም ወደ ኮንሶሉ መልሰን ያንኑ ቅደም ተከተል ደገምነው።

ስንመልሳቸው፣ ማለትም ዲስኩ ሲነበብ፣ 191 ጊጋባይቱ በ29 ደቂቃ ገባ። በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሃርድ ዲስክ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተንገዳገደም። ኮንሶሉን ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍተን ምንም ሳናሠራው ተውነውና ወደ ዲስኩ መጻፍ ጀመርን። የእግር ኳሱ 41 ጊጋባይት በ6 ደቂቃ ሄደ። የጀብዱው ጌም ጥሩ ጀምሮ ግማሹ ላይ ሲደርስ ተኛ፤ 21 ደቂቃ ፈጀ። 92 ጊጋባይቱ ደግሞ 55 ደቂቃ ወሰደ። ይህ በሰከንድ 28 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያው ሩቡ።

ይህ አወራረድ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ኬብሉ ወይም ቀዳዳው ቢሆን ኖሮ ዝግታው ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ይታይ ነበር፣ ሲነበብም ሲጻፍም። ለማንኛውም ቀዳዳውን ቀድሜ አይቼው ነበር፤ በዚህ ሞዴል ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ቀዳዳ 480 ሜጋቢት ብቻ ስለሆነ አይረባም። ልጁ ግን ከኋላ ነው የሰካው። ዲስኩ እየሞተ ቢሆን ደግሞ ንባቡም በተቆራረጠ፣ የሚያንኳኳ ድምፅም በተሰማ፣ ስህተትም በመጣ ነበር። እኛ ያየነው ሌላ ነው፦ ንባቡ ደህና፣ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ደህና፣ ከሰባ ጊጋባይት ገደማ በኋላ ግን የሚወድቅ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው የሚመለስ።

እንዲህ የሚያደርገው መስመሮቹ እንደ ጣራ ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው የተጻፉበት ሃርድ ዲስክ ነው። በዚህ ዘዴ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ያስገባሉ፤ ከትልልቆቹ የኪስ ዲስኮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ችግሩ አንዱን መስመር ለመቀየር የተደረቡበትን ጎረቤቶቹንም አንሥቶ እንደገና መጻፍ ማስፈለጉ ነው። ይህንን ለመደበቅ ዲስኩ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ በአንድ ያልተደረበ ትንሽ ቦታ ላይ ያከማቻል፣ ከዚያ ሥራ ሲፈታ ቀስ ብሎ ወደ ቦታ ቦታው ይደለድለዋል። አንድ ጌም ብቻ ቢላክለት ማንም ምንም አያይም። በተከታታይ 340 ጊጋባይት ሲጫንበት ግን ማከማቻው ሞላ፤ ከዚያ በኋላ እየተቀበለም እየደለደለም ስለሆነ ተንፏቀቀ። በ51 ደቂቃ ሊያልቅ ይችል የነበረው ወደ ሦስት ሰዓት ሆነ።

መፍትሔው ወጪ የለውም፦ አንድ ሁለት ጌም አዛውሮ ዲስኩን እንደተሰካ ማሳረፍ፣ ቀሪውን በኋላ መቀጠል። እርግጥ ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከዲስኩ ይበልጥ ይከብዳል። ግማሽ ላይ ተናድዶ ኬብሉን ነቅሎት ነበርና ኮንሶሉ ዲስኩን በድጋሚ ሲያገኘው ጥገና ውስጥ ገባ። ዕድለኛ ስለሆነ ምንም አልጠፋም። ለመንቀል ቀድሞ በዚያው የማከማቻ ገጽ ላይ ማስወጣት ያስፈልጋል።

71 ሰከንዱ የት ሄደ

ሦስተኛውን ክስ ለመመርመር የጀብዱውን ጌም መረጥን፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጠብቀው እሱ ነበር። አለካካችን ቀላል ነው። ያንኑ ሴቭ እንመርጣለን፣ «ቀጥል» ከሚለው ጀምሮ ገጸ ባሕሪው መንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ ሰዓት እንይዛለን፣ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተን እንደገና ከፍተን ሦስት ጊዜ እንደግማለን፣ መካከለኛውን ቁጥር እንወስዳለን። ሳይዘጉ መድገም ያታልላል፤ አንዴ የተነበበው ነገር በሜሞሪ ውስጥ ስለሚቆይ ሁለተኛው ጊዜ ከዲስክ የመጣ መስሎ ከሜሞሪ ነው የሚመጣው።

ከሃርድ ዲስኩ 71 ሰከንድ ወሰደ። ጌሙን ወደ ኮንሶሉ ውስጥ መልሰን ስንለካ 27 ሆነ።

ልጁ ያለው ወዲያው «በሰከንድ 110 ሜጋባይት ቀርፋፋ ስለሆነ ነው» ነው። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ግን አይደለም። ጌሙ ለዚያ አንድ ሎድ 2 ጊጋባይት ያነባል እንበል። በ110 ሜጋባይት ይህ 18 ሰከንድ ነው። በ27 እና በ71 መካከል ያለው ልዩነት ግን 44 ሰከንድ ነው። ቀሪው 26 ሰከንድ ከየት መጣ?

ከመፈለግ ነው የመጣው። የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ሰሌዳ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ነው። የሚፈለገው ነገር ከአንባቢው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር መጓዝ አለበት። ሁለቱ ተደምረው ለአንድ ፍለጋ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይመጣሉ። አንድ ፋይል በተከታታይ ሲገለበጥ ይህ አይታይም፣ ክንዱ አንዴ ደርሶ ዝም ብሎ ያነባልና። ጌም ሎድ ሲያደርግ ግን እዚህ የድንጋይ ሥዕል፣ እዚያ የድምፅ ቁራጭ፣ ሌላ ቦታ የሰው ልብስ እያለ ነው የሚለቅመው። ክንዱ 1500 ጊዜ ቢመላለስ 1500 በ17 ሚሊ ሰከንድ ሲባዛ 25 ሰከንድ ከግማሽ ይሆናል። የጎደለን 26 ሰከንድ ይኸው ነው ብል ብዙ የምርቅ አይመስለኝም። 2 ጊጋባይትና 1500 የሚሉት ቁጥሮች የእኔ ግምት ናቸው፤ የሚያሳዩት መጠኑን ነው። ለዚህ ነው የሃርድ ዲስክን ፍጥነት በሜጋባይት ብቻ እየተመለከቱ ጌም እንዴት እንደሚከፍት መገመት የማይቻለው።

ሌላም ነገር አስተዋልን። ኮንሶሉ ቆይቶ ዲስኩ ከተኛ በኋላ የመጀመሪያው ሎድ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይጨምራል። ሰሌዳው መሽከርከር እስኪጀምር ድረስ የሚጠበቀው ነው፤ ጆሮ ጠጋ ካደረጉት ይሰማል። በመሀል አልፎ አልፎ ልጁን ያስጨነቀው የጌም መቆራረጥም፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ ከቆየ በኋላ አዲስ ቦታ ሲገባ የሚመጣው፣ ከዚሁ የተነሣ ነበር።

ከዚያ ዲስኩን ቀየርን። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 480 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲ ነበረኝ፤ በርካሽ የዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ አስገብቼ ሰጠሁት። የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም፤ አንድ ፍለጋ ከሚሊ ሰከንድ አሥረኛው አካባቢ ነው የሚፈጀው። በዚህ ዩኤስቢ በኩል በሰከንድ 420 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ግን ማዛወሩ እንደጠበቅነው ቀላል አልሆነም። ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ አንድ የጌም ዩኤስቢ ዲስክ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰክቶ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ የለም። መንገዱ በኮንሶሉ በኩል ነው፦ ከሃርድ ዲስኩ ወደ ውስጥ፣ ማስወጣት፣ ኤስኤስዲውን መሰካት፣ ከውስጥ ወደ ኤስኤስዲው። ልጁ በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ ጌም አውርዶ ስለነበር ውስጥ የነበረን ባዶ ቦታ 169 ጊጋባይት ነበር። ስለዚህ በሁለት ዙር ሠራነው፤ መጀመሪያ ሦስቱ የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች፣ 136 ጊጋባይት፤ ቀጥሎ 64 እና 48ቱ። ብዙ የሚጫወተው 92 ጊጋባይቱ ኮንሶሉ ውስጥ ቀረ።

የጀብዱው ጌም ከኤስኤስዲው 31 ሰከንድ ሆነ። ከ71 ወደ 31። ልጁ ሰዓቱን ሁለቴ አየው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። የኮንሶሉ የውስጥ ኤስኤስዲ ከዚህ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ሆኖም የተገኘው ልዩነት 4 ሰከንድ ብቻ ነው። ምክንያቱም የተቀረው 27 ሰከንድ የዲስክ ሥራ አይደለም። ጌሙ ከዲስክ የመጣውን የታመቀ ዳታ ይፈታል፣ ዓለሙን ይገነባል፣ ሁሉንም በቦታ ቦታው ያኖራል። ይህ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ነው። ጌሙ የተጻፈው ለፕሌይስቴሽን 4 ስለሆነ ደግሞ በአዲሱ ኮንሶል ውስጥ ያለውን ልዩ የዳታ መፍቻ አይጠቀምበትም። ዲስኩ ወሰን በሌለው ፍጥነት ቢያቀብለው እንኳ ከ27 ብዙም አይወርድም።

ሃርድ ዲስኩን መልሰን ኤክስፋት አደረግነው፤ አሁን የቤተሰቡ ቪዲዮ መያዣ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ በሰከንድ 1000 ሜጋባይት የሚያነብ የውጭ ኤስኤስዲ አይቻለሁ። ልግዛው?»

«ስንት ሰከንድ የሚቀንስልህ ይመስልሃል?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ከ31 ውስጥ የዲስኩ 4 ነበር አይደል? ቢበዛ እሷኑ ነዋ።»